አንድ ኮድ፣ ብዙ ፊት፦ ኢሞጂ ከስልክ ስልክ ስለሚለያይበት ምክንያት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የላክሁት ኢሞጂ ሌላው ሰው ስልክ ላይ ሲደርስ መልኩ ለምን ይቀየራል?

አጭሩ መልስ ሥዕል አልላኩም የሚል ነው። ከስልክዎ የሚወጣው ቁጥር ብቻ ነው። ለምሳሌ 😁 የሚለውን ሲነኩ ወደ ተቀባዩ የሚሄደው U+1F601 የተባለው ኮድ ሲሆን፣ ኮዱን ተቀብሎ ወደ ሥዕል የሚመልሰው በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ያለው የኢሞጂ ፎንት ነው። እርስዎ በስክሪንዎ ላይ ያዩት ፊት የተሳለው በእርስዎ ስልክ አምራች ነው፤ ተቀባዩ የሚያየው ፊት ደግሞ በእርሱ ስልክ አምራች የተሳለ ነው። በመካከል የተጓዘው ቁጥር አልተለወጠም።

በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ሀ» የምንለው ፊደል ለዓለም ፊደላትና ምልክቶች ወጥ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሥርዓት U+1200 የሚል ቁጥር አለው፤ በኒያላ ፎንት ሲታይ አንድ ዓይነት መልክ፣ በአቢሲኒካ ሲታይ ሌላ ዓይነት መልክ ይኖረዋል፤ ሆኖም ሁለቱንም ያየ አንባቢ «ሀ» ብሎ ከማንበብ አይሳሳትም። የፊደሉ መለያ ምን እንደሆነ ከልጅነታችን ስለተማርን፣ እግሩ ቢረዝም ወይም ቢወፍር ግድ አይሰጠንም። የኢሞጂ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የፊት ሥዕል ላይ የአፍ ጠርዝ በጥቂቱ ወደ ታች ቢወርድ የምናነበው ሌላ «ፊደል» ነው፤ የትኛው መስመር ዋና፣ የትኛው ጌጥ እንደሆነ የሚነግረን የፊደል ገበታ ግን የለንም።

ታዲያ ሥዕሉን አንድ ወጥ የሚያደርግ አካል የለም?

ኮዱን የሚመድበው የዩኒኮድ ጥምረት ነው። ጥምረቱ ለእያንዳንዱ ኢሞጂ ቁጥርና ስም ይሰጣል፤ በሰንጠረዡም ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ናሙና ያስቀምጣል። ናሙናው ግን ትእዛዝ አይደለም፤ አምራቾች ከስሙ ሳይርቁ በራሳቸው እጅ እንዲስሉ ነጻነት አላቸው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ አማራጭ የላቸውም፤ ምክንያቱም የአፕል ሥዕሎች የአፕል ንብረት ናቸው፣ የሳምሰንግም የሳምሰንግ። ጉግል ኖቶ የተባለውን የኢሞጂ ፎንቱን ሌሎች እንዲጠቀሙበት በነጻ ፈቃድ ቢለቅም፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የየራሳቸውን መልክ መያዝን መርጠዋል።

ልዩነቱ ከጥንቱ የመጣ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ኢሞጂ የተወለደው በጃፓን የሞባይል ኩባንያዎች ቤት ነው፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዶኮሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣቸው 176 ትንንሽ ሥዕሎች እያንዳንዳቸው 12 በ12 ነጥብ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ሥዕልና የራሱ ቁጥር ስለነበረው፣ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የተላከ ምልክት መልእክቱን ሊያበላሸው ይችል ነበር። ከዩኒኮድ በፊት በየድርጅቱ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆኖ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዩኒኮድ 6.0 ኢሞጂዎችን በብዛት ሲያካትት የቁጥሩ ችግር ተፈታ። የሥዕሉ ጉዳይ ግን ለየአምራቹ ቀረ።

የመልክ ልዩነት የመልእክትን ስሜት በእርግጥ ሊገለብጥ ይችላል? እውነተኛ ምሳሌ አለ?

አለ፤ ከሁሉ የሚታወቀውም ከላይ የጠቀስነው 😁 ነው። የዩኒኮድ ስሙ «በሚስቁ ዓይኖች ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ፊት» እንደማለት ነው። የጉግል ሠዓሊዎች ይህን ሲስሉ አፉን ሰፊ፣ ጠርዞቹን ወደ ላይ የወጡ፣ በግልጽ ደስ ያለው ፊት አደረጉት። አፕል ግን እስከ አይኦኤስ 10 ድረስ ይጠቀምበት በነበረው ሥዕል ላይ ዓይኖቹ የተጨፈኑና ቅስት የያዙ ቢሆኑም ጥርሶቹ የተገጠሙ፣ አፉም ከፈገግታ ይልቅ ሕመም የያዘው ወይም የተሸማቀቀ ሰው አፍ ይመስል ነበር። በሌላ አነጋገር «ጥርሱን የነከሰ ፊት» ተብሎ U+1F62C የሚል የተለየ ቁጥር ካለው 😬 ጋር ለመለየት ያስቸግር ነበር።

በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት የተለያዩ አምራቾችን ሥዕሎች ለሰዎች እያሳዩ፣ እያንዳንዱ ሥዕል ምን ያህል ጥሩ ወይም መጥፎ ስሜት እንደሚገልጽ ከአሉታዊ 5 እስከ አዎንታዊ 5 ባለው መለኪያ እንዲመዝኑ አደረጉ። የሌሎቹ አምራቾች 😁 በግልጽ ከዜሮ በላይ ሲመዘን፣ የአፕሉ ከዜሮ በታች ወረደ። ቁጥሩ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ የሰዎች ፍርድ ግን ከመስመሩ በሁለቱም በኩል ሆነ።

ይህ በንግግር ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለማየት በዚያ ዘመን የሆነ አድርገን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ያለ ወንድም የጉግል ሥዕሎችን ከሚያሳይ የአንድሮይድ ስልክ፣ ዋሽንግተን ላለች እህቱ በተራ የጽሑፍ መልእክት እንዲህ ይልካል፦

«እህቴ፣ እማዬ ዛሬውኑ ደውዪ ብላለች 😁»

እርሱ በስክሪኑ ላይ የሚያየው የሚፍለቀለቅ ፊት ነው፤ በልቡ ያለውም ቤት ውስጥ የምሥራች መኖሩ ነው፣ ታናሽየዋ ልትዳር ነው እንበል። እህት በአይፎኗ የምታየው ግን ጥርሱን የነከሰ ፊት ነው። «ዛሬውኑ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነበብ አጣዳፊ ነው፤ የምሥራች አጣዳፊነት ይሁን የክፉ ወሬ እንዲለይ የተጨመረው ኢሞጂው ነበር። ሰው ሀገር ሆኖ የቤተሰብ ወሬ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ያለውን መልእክት በምን ልብ እንደሚያነበው መገመት አያዳግትም። ስልክ እስኪነሣላት ድረስ እህት የምታስበው ስለ ሠርግ አይደለም።

አሁን ደግሞ አቅጣጫውን እናዙረው። ይህ ሁለተኛው አቅጣጫ ብዙ ሰው የማያስበው፣ በእኔ ግምት ግን የባሰው ነው። የአይፎን ባለቤት የሆነችው እህት አሳፋሪ ወይም አስጨናቂ ነገር ስትጽፍ፣ በስክሪኗ ላይ የተሸማቀቀ ፊት የሚመስላትን 😁 መርጣ «ልጁ ፈተናውን ወድቋል 😁» ብትል፣ በወንድሟ ስልክ ላይ የሚወጣው በልጁ መውደቅ የሚቦርቅ ፊት ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ተቀባይ ይደነግጣል፣ ደውሎም ነገሩ ይጠራል። በሁለተኛው ግን ተቀባይ ይቀየማል፤ የተቀየመ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፣ ዝም ይላል።

አፕል ይህን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው አይኦኤስ 10 ላይ ቀይሮ ወደ ግልጽ ሳቅ አምጥቶታል። ስለዚህ ዛሬ በአዳዲስ ስልኮች መካከል ይህ ልዩነት የለም።

ስልኬ ትክክለኛውን ሥዕል አሳይቶኝ ሳለ፣ ምርጫዬ ሊሳሳት ይችላል?

«ትክክለኛ» የሚለው ቃል ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰው ኢሞጂ የሚመርጠው በስሙ ሳይሆን በመልኩ ነው፤ ስሙን የሚያይ የለም። ስለዚህ ስልክዎ ከሌሎቹ የተለየ ሥዕል ካለው፣ ስሕተቱ የሚፈጠረው መልእክቱ ሳይላክ ጀምሮ ነው።

ለዚህ ጥሩው ምሳሌ በድሮዎቹ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ የነበረው 🙄 ነው። የዚህ ኢሞጂ ፍሬ ነገር መሰልቸት ነው፤ «ደግሞ ጀመረው!» ሲባል ዓይንን ወደ ላይ እንደ መገልበጥ ያለ። ሳምሰንግ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ ይዞት በነበረው ሥዕል ላይ ፊቱ ፈገግ ብሎ ወደ ላይ የሚያይ፣ ደስ የሚል ነገር የሚያስታውስ ወይም በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር። በዚያ ስልክ አንድ ጸሐፊ ለአለቃው «እሺ ጋሼ፣ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ 🙄» ብሎ ቢልክ፣ ለእርሱ ትሕትና ነው፤ ለአለቃው ግን ንቀት ነው። «እስኪጨርሱ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር እንኳ ከዚያ ፊት አጠገብ ሲቀመጥ ሽሙጥ ይመስላል። አማርኛ አክብሮትን በግሱ ውስጥ ስለሚይዝ፣ ግሱ አንድ ነገር ፊቱ ሌላ ነገር ሲናገሩ ግጭቱ ጎልቶ ይሰማል።

ስለ ሽጉጡ ኢሞጂ የሚወራው እውነት ነው?

እውነት ነው። 🔫 በመጀመሪያ በብዙዎቹ ኩባንያዎች ዘንድ እውነተኛ ሽጉጥ ሆኖ ተስሎ ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ አረንጓዴ የውኃ መርጫ መጫወቻ ቀየረው፤ የሚገርመው ማይክሮሶፍት እስከዚያ ድረስ የመጫወቻ ጨረር መሣሪያ የነበረውን የራሱን ሥዕል በዚያው ዓመት ወደ እውነተኛ ሽጉጥ መለወጡ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ፣ ማለትም ሌሎቹ አፕልን እስኪከተሉ፣ አንድ የአይፎን ተጠቃሚ «ነገ ካረፈድክ 🔫» ብሎ በውኃ ሊረጭ ሲቀልድ፣ ጓደኛው የተደቀነበት መሣሪያ ያይ ነበር። በኋላም ትዊተር የነበረው ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥዕሉን መልሶ እውነተኛ ሽጉጥ አድርጎታል፤ ስለዚህ ይህ ኢሞጂ ዛሬም ቢሆን በሁሉም ቦታ አንድ መልክ የለውም።

ኩባንያዎቹ ሥዕሎቻቸውን ካቀራረቡ፣ ችግሩ አሁን አልቀረም?

የፊቶቹ ልዩነት በጣም ጠብቧል። ጉግል እንደ ሊጥ ጉብ ያሉትን የድሮ ፊቶቹን እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድሮይድ 8 ላይ ትቶ ወደ ክብ ፊቶች ገባ፤ ሳምሰንግም በተከታዩ ዓመት አብዛኞቹን ሥዕሎች አስተካከለ። ዛሬ የሚያስቸግረው በአብዛኛው የኩባንያ ልዩነት ሳይሆን የዕድሜ ልዩነት ነው፤ አዲስ ኢሞጂ የሚያውቅ ስልክ ለማያውቅ ስልክ ሲልክ የሚሆነው ማለት ነው።

አንዳንድ ኢሞጂዎች የራሳቸው ቁጥር የላቸውም፤ ከሁለትና ከዚያ በላይ ኢሞጂዎች በማይታይ ማያያዣ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። በረጅሙ የሚተነፍሰውን ፊት እንመልከት፦

```
😮‍💨 = U+1F62E U+200D U+1F4A8
```

የመጀመሪያው ቁጥር አፉን የከፈተ ፊት ነው፤ የመጨረሻው የነፋስ ወይም የአቧራ ቡፍታ ነው፤ መሃል ያለው U+200D ደግሞ ምንም መልክ የሌለው፣ «እነዚህን አንድ አድርገህ ሳል» የሚል መልእክት ያለው ማያያዣ ነው። ጥምሩን የሚያውቅ ስልክ እፎይ የሚል አንድ ፊት ያሳያል። የማያውቅ ስልክ ግን ማያያዣውን ዘሎ የሚያውቃቸውን ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጣል፦ 😮💨።

አሁን «ተመስገን፣ ከሆስፒታል ወጣን» ብለው ከጎኑ እፎይታን የሚያሳየውን ፊት ቢያስቀምጡ፣ የድሮ ስልክ ያላቸው እናትዎ የሚያዩት በድንጋጤ አፉን የከፈተ ፊትና ከኋላው የሚበን አቧራ ነው። ቃሉ «ተመስገን» ይላል፤ ሥዕሉ ግን አንድ ሰው ደንግጦ ሮጦ የወጣ ይመስላል። የሚቃጠለው ልብ ❤️‍🔥ም በዚሁ መንገድ የተሠራ በመሆኑ ሲፈታ ልብና እሳት ለየብቻ ይሆናል፤ ይህኛው ግን ትርጉሙ ብዙም አይጎዳም። የተጣመሩ ኢሞጂዎችን ስመርጥ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቢፈታ የሚቀረው ምን ይላል?

በተመሳሳይ ምክንያት የቆዳ ቀለም የተመረጠለት እጅ በጣም አሮጌ ስልክ ላይ ሲደርስ ቢጫ እጅና ከጎኑ ባለ ቀለም አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ቀለሞቹ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ያሉ ስለሆኑ ይህ አሁን እምብዛም አያጋጥምም።

በኢሞጂው ፋንታ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት የሚታየኝ ለምንድን ነው?

የተላከልዎ ኮድ ስልክዎ ውስጥ ሥዕል ስለሌለው ነው። የስልኩን ሥርዓት ማዘመን፣ ወይም መተግበሪያው የራሱ ሥዕሎች ካሉት እርሱን ማዘመን ይፈታዋል። ሳጥን ቢያንስ ሐቀኛ ነው፦ «አላወቅሁትም» ይላል፣ ተቀባዩም ይጠይቃል። የሚያሳስተው በልበ ሙሉነት ሌላ ፊት የሚያሳየው ነው።

ቀይ ልብ ልኬ ጥቁር ልብ ደረሰ የሚሉኝ ለምንድን ነው?

❤ የሚለው ምልክት ኢሞጂ ከመሆኑ በፊት የነበረ፣ U+2764 የሚል ቁጥር ያለው ተራ የጽሑፍ ምልክት ነው። ቀይ ሆኖ እንዲሳል ከኋላው U+FE0F የሚባል ሌላ የማይታይ ቁጥር ይከተለዋል። ይህ ተከታይ ቁጥር በመንገድ ላይ ከተቆረጠ፣ ወይም ጽሑፉ የሚታይበት ፕሮግራም ካላከበረው፣ ልቡ እንደ ማንኛውም ፊደል በጽሑፉ ቀለም ይወጣል፤ ጽሑፉ ጥቁር ከሆነ ልቡም ጥቁር ነው። በሐዘን ጊዜ ጥቁር በሚለበስበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በተለይ 🖤 ተብሎ ሆን ተብሎ የሚላክ፣ የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ጥቁር ልብ መኖሩ ነገሩን ያወሳስበዋል። ሁለቱን ብዙ ጊዜ የሚለዩት በመልክ ነው፦ ከጽሑፉ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለውና ጠፍጣፋ ከሆነ ቀለሙን ያጣ ቀይ ልብ ነው፤ ጥላና ብልጭታ ካለው ጥቁር ሆኖ የተላከ ነው።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይም እንዲሁ ነው?

እዚህ ላይ ሁኔታው ይለያል፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዳንድ መተግበሪያዎች የስልኩን ፎንት ወደ ጎን ትተው የራሳቸውን ሥዕሎች ይዘው ይመጣሉ። ቴሌግራም በአንድሮይድ ላይ የሚያሳየው የአፕልን ሥዕሎች ነው፤ ስለዚህ በቴሌግራም የሚጻጻፉ አንድ የአይፎንና አንድ የአንድሮይድ ባለቤት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ፊት ያያሉ። ዋትስአፕ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ በአንድሮይድ ላይ የአፕልን የሚመስሉ የራሱ ሥዕሎች አሉት፤ በአይፎን ላይ ግን የአፕልን ይጠቀማል። ተራ የጽሑፍ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ የስልኩን ፎንት ይከተላል።

ይህን በዓይንዎ ለማየት ቀላል ሙከራ አለ። አንድ የአንድሮይድ ስልክ ይያዙና ሌላ ሰው በቴሌግራም ጥቂት ፊቶች እንዲልክልዎ ያድርጉ፤ መልእክቱን ሳይከፍቱ ከስክሪኑ አናት ወርዶ የሚታየውን ማሳወቂያ በደንብ ይመልከቱ፤ ከዚያ ይክፈቱት። ማሳወቂያውን የሚስለው ስልኩ ነው፣ ውስጡን የሚስለው መተግበሪያው ነው፤ ስለዚህ አንዱን መልእክት በአንድ ስልክ ላይ በሁለት መልክ ያዩታል። የኪቦርዱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ስትመርጡት በኪቦርዱ ላይ ያያችሁት ፊት በመልእክቱ ውስጥ ሲገባ ጥቂት የተለየ የሚመስላችሁ ዓይናችሁ ተሳስቶ አይደለም።

ቴሌግራም ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኢሞጂው ያለ ቃል ብቻውን ሲላክ ተለቅ ብሎ የሚንቀሳቀስ ይሆናል። ከቃል ጋር የተቀመጠ ትንሽ የሚያለቅስ ፊትና ብቻውን ሆኖ እንባውን የሚያጎርፍ ትልቅ ፊት የአንድ ኮድ ሁለት ድምፆች ናቸው፤ አንዱ ሐዘን ሲሆን ሌላው ቲያትር ሊመስል ይችላል። ለልቅሶ ቤት መልእክት እንቅስቃሴው ስለማይስማማ፣ ቢያንስ አንድ ቃል ከጎኑ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሁለታችንም አንድ ዓይነት ስልክ ካለን አለመግባባት አይኖርም ማለት ነው?

አይደለም። ከላይ የጠቀስነው የሚኒሶታ ጥናት ሁለት ሰዎች ፍጹም አንድ ዓይነት ሥዕል እያዩ እንኳ፣ ከአራት ጊዜ በአንዱ ስሜቱ አዎንታዊ፣ አሉታዊ ወይም መካከለኛ ስለመሆኑ እንዳልተስማሙ አሳይቷል። 😪 ለምሳሌ የእንቅልፍ ፊት ነው፤ ከአፍንጫው የሚወርደው ጠብታ በጃፓን የሥዕል ልማድ የተኛ ሰው ምልክት ነው። ይህን ልማድ የማያውቅ አንባቢ ግን እንባ ብሎ ያነበዋል፣ «ደክሞኛል» የተባለውንም «አዝኛለሁ» ብሎ ይቀበለዋል። ይህን ማንኛውም የፎንት ማሻሻያ አይፈታውም።

ከመላኬ በፊት ተቀባዩ ምን እንደሚያይ ማወቅ እችላለሁ?

በከፊል። ኢሞጂፒዲያ የተባለው ድረ ገጽ እያንዳንዱ ኢሞጂ በአፕል፣ በጉግል፣ በሳምሰንግ፣ በዋትስአፕና በሌሎችም እንዴት እንደተሳለ፣ የድሮዎቹን ሥዕሎች ጭምር፣ ጎን ለጎን ያሳያል። አጠራጣሪ የሆነውን ኢሞጂ ቀድተው በመፈለጊያው ላይ መለጠፍ ብቻ ይበቃል። ኢሞጂው መቼ እንደተፈቀደም ይጽፋል፤ ተቀባዩ የቆየ ስልክ ካለው የሚያስፈልገው ይህ ዓመት ነው።

ችግሩ ሰው ለመፈተሽ ምክንያት አለኝ ብሎ አለማሰቡ ነው። እነዚያው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 የትዊተር ተጠቃሚዎችን ሲጠይቁ፣ ቢያንስ 25 በመቶው የላኩት ኢሞጂ ለሌላው በሌላ መልክ ሊታይ እንደሚችል አያውቁም ነበር፤ የራሳቸው ጽሑፍ በሌሎች ስልኮች ላይ የሚኖረው መልክ ሲታያቸው ደግሞ 20 በመቶው ባውቅ አስተካክለው ወይም ባልላክሁት ነበር ብለዋል።

መልእክቱ ከተላከና ቅሬታ ከመጣ በኋላ ግን ማብራሪያ ከመጻፍ የሚሻለው ስክሪንሾት ነው። ተቀባዩ እርሱ ጋ የሚታየውን አንሥቶ ይላክ፣ እርስዎም የእርስዎን ይላኩ። ሥዕል ተቀርጾ ሲላክ እንደ ፎቶ ስለሚጓዝ መልኩ በመንገድ ላይ አይቀየርም። ጠቡ የፎንት ከነበረ ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወዲያው ይታያል፤ አንድ ዓይነት ሆነው ከተገኙ ደግሞ ጠቡ የፎንት አልነበረም።

የድሮ መልእክቶችን ከፍቼ ባይ፣ ያኔ የታየውን ኢሞጂ አገኛለሁ?

አያገኙም። ስልክዎ ያስቀመጠው ቁጥሩን ስለሆነ፣ መልእክቱን በከፈቱ ቁጥር ሥዕሉ በዕለቱ ባለው ፎንት እንደ አዲስ ይሳላል። ወንድም እ.ኤ.አ. በ2015 ለእህቱ የላከው ያ መልእክት ዛሬ በእህት አዲስ አይፎን ላይ ቢከፈት፣ የሚታየው የሚፍለቀለቅ ፊት ነው፤ እህት ያኔ ለምን እንደደነገጠች የሚያስረዳ ነገር በስክሪኑ ላይ የለም። በትዊተር ላይ የተጻፉ የድሮ ጽሑፎችም እንዲሁ ናቸው፤ እውነተኛ ሽጉጥ ይታይባቸው የነበሩት እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ ጊዜ የውኃ መጫወቻ የያዙ ሆኑ፣ በ2024 ደግሞ ተመልሰው ሽጉጥ ያዙ፣ ጸሐፊዎቻቸው ግን አንድ ፊደል አልነኩም።

ስለዚህ በቀድሞ መልእክት ላይ የተነሣ ክርክር ካለ፣ በሽምግልናም ሆነ በሌላ ቦታ፣ ዛሬ ስልኩን ከፍቶ «ይኸው፣ ፈገግታ ነው የላክሁት» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው በጊዜው የተነሣ ስክሪንሾት ነው። እርሱ ከሌለ ደግሞ የስልኩን ሞዴልና መልእክቱ የተላከበትን ዓመት ይዞ፣ በኢሞጂፒዲያ ላይ የዚያን ዘመን ሥዕል መፈለግ ነው።